«እማዬ፣ ውኃ!»፦ የመኝታ ሰዓት ሰበብን በአንዲት ትኬት መገደብ

መብራቱ ጠፍቷል። ልጁ ተስሟል፣ ተሸፍኗል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «እማዬ፣ ውኃ!» ይላል። ውኃው ይመጣል። ቀጥሎ ሽንት መጣ። ቀጥሎ ቢንቢ ነከሰኝ። ቀጥሎ «አባዬን አልሳምኩትም»። አባዬ ይጠራል፣ ይሳማል፣ ሳቅ ይጀመራል፣ እንቅልፉም እዚያው ይበተናል።

ይህ መመሪያ ስለዚያች አንድ ሰዓት ነው። በዋናነት የሚሠራው ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ለ2 ዓመት ልጅ ምን እንደሚቀየር ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ልጁ እያታለላችሁ አይደለም። ሰባት ጊዜ «አይሆንም» ብለን በስምንተኛው ሲሰለቸን ውኃውን ከሰጠን፣ ስምንት ጊዜ መጠየቅ እንደሚያዋጣ ያስተማርነው እኛው ነን። ነገ ዘጠኝ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልጁን ሰውነቱ እንቅልፍ በፈለገበት ሰዓት ማስተኛት። ሁለተኛ፣ «እሺ» የምንለውን ነገር ከመኝታ በፊት መጨረስና ከመኝታ በኋላ አንድ ብቻ ማስቀረት። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ይሞክርና «የኔ ልጅ እምቢ አለ» ይላል። እንቅልፍ ያልመጣበት ልጅ በምንም ዘዴ አይተኛም።

1. ለአንድ ሳምንት ያህል ጻፉ

ምንም አትቀይሩ። ስልካችሁ ላይም ሆነ ደብተር ላይ አራት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ጠዋት የነቃበት ሰዓት፣ ቀን የተኛበትና የተነሣበት ሰዓት፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ በእውነት እንቅልፍ የወሰደው ሰዓት። ከጎኑ የጠየቃቸውን ነገሮች ጻፉ። ውኃ፣ ሽንት፣ ተረት፣ መሳም፣ ምንም ይሁን። ዝርዝሩ በኋላ ይጠቅማል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዳማ ውስጥ በአንድ የኪራይ ግቢ፣ አንድ ክፍል ቤት የሚኖሩ እናትና አባት አሉ እንበል። ልጃቸው 3 ዓመት ከ4 ወሯ ነው፤ ሚሚ እንበላት። ቀን ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ትተኛለች። ማታ 2 ሰዓት ላይ ያስተኟታል። እንቅልፍ የሚወስዳት ግን 3፡45 ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ትነሣለች።

እንደምር። ሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ፣ ቀኑ 2 ሰዓት፤ በጠቅላላው 11 ሰዓት ከሩብ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት። እንግዲህ ሚሚ እንቅልፍ አልጎደላትም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከቀን እንቅልፏ 10 ሰዓት ላይ ተነሥታ፣ አራት ሰዓት ብቻ ቆይታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተኚ ተባለች። ገና እንቅልፍ አልመጣባትም። እዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ምን ታድርግ? ትጠይቃለች።

2. የቀኑን እንቅልፍ ወደ ፊት ሳቡት

የ3 ዓመት ልጅ ከቀን እንቅልፉ ከተነሣ በኋላ ማታ በቀላሉ እንዲተኛ ብዙውን ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ነቅቶ መቆየት አለበት። የሚሚን የቀን እንቅልፍ ከ7 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ከሩብ እናድርገው። 8፡15 ሲሆን ቀስ ተብላ ትነሣለች። መጋረጃ መክፈት፣ ስም መጥራት፣ የሚበላ ነገር ማቅረብ ይበቃል። ታለቅሳለች፣ አሥር ደቂቃ ትነጫነጫለች፤ ያልፋል።

እዚህ ላይ ቀን ልጁን የሚይዘው ሰው መስማማት አለበት። አያትም ትሁን የቤት ሠራተኛ፣ ልጁ ሲተኛ ለእሷ የዕረፍትና የሥራ ሰዓቷ ነው። «ቀስቅሺያት» ማለት ዕረፍቷን መቀማት ነው። ስለዚህ ትእዛዝ ብቻ አትስጡ፤ ምክንያቱን አስረዱ፣ ሌላ ዕረፍት የምታገኝበትንም አመቻቹ። አለበለዚያ «አሁን ገና ተነሣች» ይባላል፣ እናንተም ማታ ታዩታላችሁ።

ሌላው ሻይ ነው። በብዙ ቤት መክሰስ ላይ ለልጅ ሻይ በዳቦ ይሰጣል። ሻይ እንደ ቡና ካፌይን አለው። ማታ ቡና ሲፈላ «ትንሽ ትቅመስ» እየተባለ በሲኒ የምትሰጠዋም እንደዚያው ናት። ሁለቱንም አስቀሩ። ወተት ወይም ውኃ ይሁን።

3. ለጊዜው የመኝታ ሰዓቱን አዘግዩት

ይህ ደረጃ ሰውን ያስደነግጣል። ሚሚን ለጊዜው 2 ሰዓት ላይ አታስተኟት። እንቅልፍ በእውነት በሚወስዳት ሰዓት፣ 3፡45 ላይ አስተኟት። ጠዋት ግን በየቀኑ 12፡45 ላይ ተነሺ ትባላለች። ቅዳሜም እሑድም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፏ አንድ ሰዓት ያህል ያንሳል። ሆን ተብሎ ነው። ማታ አልጋ ላይ ስትወጣ እንቅልፉ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃታል፤ አልጋም የክርክር ሳይሆን የመተኛ ቦታ ይሆናል። ሁለት ሌሊት በተከታታይ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከተኛች 15 ደቂቃ ወደ ፊት ሳቡ፦ 3፡30፣ ከዚያ 3፡15፣ ከዚያ 3፡00፣ ከዚያ 2፡45። እዚያ ላይ አቁሙ። ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ቀኑ 1 ሰዓት ከሩብ ይሆናል፤ እንደ ድሮው 11 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። «ጎረቤት ልጆቿን 1 ሰዓት ላይ ታስተኛለች» ከሚል ወሬ ራቁ። የጎረቤት ልጅ ቀን ላይተኛ ይችላል።

ሰዓቱ ልክ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በሰላም ተጋድማ ከ30 ደቂቃ በላይ ዓይኗ ፈጦ ከቆየ ገና ነው። ከእራት በኋላ መሮጥ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስና መጋጨት ካበዛች፣ አልጋ ላይ እንደወጣች ወዲያው እልም ካለች፣ ጠዋትም አልነሣም ካለች ደግሞ ዘግይቷል።

4. የመኝታ ቅደም ተከተል፤ በዚያው ሥርዓት፣ በየማታው

ከ40 ደቂቃ አይብለጥ። ሲረዝም ራሱ ማጓተቻ ይሆናል። እራት ከዚህ በፊት፣ 2 ሰዓት አካባቢ ይለቅ። ለ3፡45 መኝታ እንዲህ ይሄዳል።

3፡05 ላይ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ስልክም ይነሣል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከባዱ ይኼ ነው፤ ተከታታዩ ድራማ የሚጀምረው ያኔ ነውና። ምሕረት የለውም፦ ቴሌቪዥኑ እየበራ ልጅ ተኚ ማለት አይሆንም። ድራማውን ልጅቷ ከተኛች በኋላ በጆሮ ማዳመጫ፣ ስልክ ላይ እዩት።

ቀጥሎ ውኃ ነው። የአዳማ አቧራና ሙቀት አለ፤ ልጅ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጥ ይውላል። እግር መታጠብና ሰውነትን ለብ ባለ ውኃ ማራስ ሙቀቱን ያበርዳል፣ «ሞቀኝ» የሚለውን ጥያቄም አስቀድሞ ይዘጋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ስስ የጥጥ ልብስ በቂ ነው፤ ብርድ ልብሱን እግሯ ሥር አስቀምጡት። ቬንትሌተር ካለ ፊቷ ላይ ሳይሆን ወደ ግድግዳ ይዙር።

ከዚያ ጥርስ ማጽዳት፣ ከዚያ ፖፖ። ልጅቷ «የለኝም» ብትልም ትቀመጥ። ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። በጡጦ ወተት ይዞ አልጋ ላይ መውጣት አይፈቀድም፤ ጥርስ ያበላሻል፣ ማለቂያ የሌለው ጥያቄም ይከፍታል።

ከዚያ አጎበር ውስጥ መግባት። ይህችን እንደ ጨዋታ አድርጉት። ልጅቷ ራሷ በእጅ ባትሪ አጎበሩን ዞር ዞር ብላ ትይ፣ ቢንቢ መኖር አለመኖሩን ትመርምር፣ ከዚያ ዳሩ ፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። «ቢንቢ አለ» የሚለውን ሰበብ ባለቤቷ ራሷ ፈትሻ ዘጋችው ማለት ነው። አዳማ ላይ ደግሞ ወባ ስላለ አጎበሩ በራሱ ያስፈልጋል።

አሁን አንደኛው ሳምንት ላይ የጻፋችሁትን ዝርዝር አውጡ። የሚሚ ዝርዝር ውኃ፣ ሽንት፣ አባዬን መሳም፣ አሻንጉሊት የሚል ነበር እንበል። ሁሉም እዚህ ይካተታሉ። አንድ ሁለት ጉንጭ ውኃ ትጠጣለች። አሻንጉሊቷ አብራ ትገባለች። አባዬ ይስማል።

አባት የሚገባው 3 ሰዓት ላይ ከሆነ ልዩ ችግር አለ። በር ሲከፈት ልጅቷ ትዘላለች፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ናፍቋታልና ወደ ላይ ይወረውራታል። ይህን ለመከልከል አትሞክሩ፤ ሥራ ስጡት። ተረቱ የእሱ ይሁን። ሁለት አጭር ተረት፣ ቁጥራቸው አስቀድሞ የታወቀ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። የአያ ጅቦ ተረት ግን ማታ አይወራ፤ «ካልተኛሽ ጅብ ይበላሻል» ማለትማ በፍጹም። ለዛሬ ዝም ያሰኛል፣ ነገ ግን «ፈራሁ» የሚል አዲስ ጥያቄ ይወልዳል። እሱ ደግሞ እውነተኛ ፍርሃት ስለሆነ እምቢ ማለት አትችሉም።

መብራት ቢሄድ? ምንም አይቀየርም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከቬንትሌተሩ በቀር ኮረንቲ የሚፈልግ ነገር የለም። እንዲያውም በሻማ የተሻለ ይሄዳል፤ ሻማው ግን ከአጎበሩ ይራቅ፣ ከመተኛታችሁ በፊትም ይጥፋ።

5. ትኬቷ

ትኬቷ መብራት ከጠፋ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ የምታስፈቅድ የካርቶን ቁራጭ ናት። ዘዴው የተፈተነ ነው። በ1999 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፓትሪክ ፍሪማንና ባልደረቦቹ በሁለት ወንድማማቾች ላይ ሞከሩት፤ አንዱ የ3፣ ሌላው የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በ2007 ደግሞ ከ3 እስከ 6 ዓመት ባሉ 19 ልጆች ላይ ተሞክሮ መጣራቱና ከአልጋ መውጣቱ ቀነሰ። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ዘዴው ግን ወጪ የለውም።

ከብስኩት ካርቶን መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቁረጡ። ልጅቷ በማርከር ትሳልባት፣ ታስጊጣት። ይህ ሥራ ቀን ይሠራ፤ ማታ አይጀመር። ከዚያ ቁልጭ አድርጋችሁ ንገሯት፦ «ይቺ ትኬትሽ ናት። መብራት ከጠፋ በኋላ አንድ ነገር መጠየቅ ትችያለሽ። ትኬቷን ትሰጪኛለሽ፣ እኔም እሺ እልሻለሁ። ትኬቷ ካለቀች መተኛት ብቻ ነው።» በቀን ብርሃን አሻንጉሊቷን አስተኝታ አንድ ጊዜ ትለማመደው። አሻንጉሊቷ ውኃ ትጠይቅ፣ ትኬቷን ትስጥ፣ ደግማ ስትጠይቅ «ትኬትሽ አልቋል፣ ደህና እደሪ» ትባል። ልጆች ይህን ሲያዩ ይስቃሉ፣ ደንቡም ይገባቸዋል።

የትኬቷ ጥያቄ ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠና የሚቻል መሆን አለበት። ውኃ፣ አንድ ማቀፍ፣ ፖፖ። ቴሌቪዥን አይሆንም፣ ስልክ አይሆንም፣ ሌላ ተረትም አይሆንም። የተፈቀደውን ደግሞ ሳታጉረመርሙ ወዲያው ስጡ። «ትኬትሽን ለዚህ ልታባክኚው ነው?» እያሉ መከራከር ዘዴውን ይገድለዋል። ልጅቷ የምትተማመነው ቃላችሁ እንደሚከበር ስታይ ብቻ ነው።

ሳትጠቀምባት ካደረች ጠዋት ትኬቷን በትንሽ ነገር ትለውጣለች። ከረሜላ አይሁን፤ የመምረጥ መብት ይሁን። «ቁርስ ጨጨብሳ ነው ወይስ እንቁላል?» ሚሚ ትምረጥ። በዚህ ምክንያት ብዙ ልጆች ትኬቷን «ምናልባት ካስፈለገኝ» እያሉ ጨብጠዋት ይተኛሉ።

6. ትኬቷ ካለቀች በኋላ

የመጀመሪያው ሌሊት እንዲህ ሊሆን ይችላል። 3፡45 መብራት ጠፋ። 3፡50 «እማዬ፣ ውኃ»፤ ትኬቷ ተሰጠች፣ ውኃ መጣ። 3፡55 «እማዬ፣ ሽንቴ»። እናት ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ሳትቆጣ፦ «ትኬትሽ አልቋል። የመኝታ ሰዓት ነው፤ ደህና እደሪ።» 3፡58 እንደገና። ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ድምፅ። ምክንያት አይጨመርም። «ቅድም ፖፖ ላይ ተቀምጠሽ አልነበር? ስንቴ ልንገርሽ?» የሚለው ረጅም ንግግር ለልጅቷ ጨዋታ ነው፤ የፈለገችው ሰው ነበር፣ አገኘች። ከአልጋ ከወረደች እጇን ይዛችሁ፣ ሳታወሩ መልሷት። ሃያ ጊዜ ከወረደችም ሃያ ጊዜ።

ሽንቱስ እውነት ቢሆን? ዳይፐር ከለቀቀች ብዙ ካልቆየች ሽንትን ከትኬቱ ውጪ አድርጉት፤ ግን ደረቅ ይሁን። መብራት አይበራ፣ ወሬ አይኑር፣ ፖፖው አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ ወዲያው ተመልሳ ትተኛ። እውነት ካልሆነ አሰልቺነቱ ራሱ ያስተዋታል።

ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ልጅቷ ድሮ የሚሠራው ቁልፍ አልከፍት ሲላት ጠንከር አድርጋ ትሞክራለች። ጩኸቱ ይጨምራል። አብዛኛው ቤት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ የኪራይ ግቢ ሲሆን። ጎረቤት ግድግዳ ይመታል፣ እማማ ከጎን ቤት «ኧረ ልጅቷን ምን አድርጋችኋት ነው?» ይላሉ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ለግቢው ሰው ንገሩ፦ «ጥቂት ቀን ማታ ማታ ታለቅስ ይሆናል፣ መኝታ እያስለመድናት ነው፣ አይክፋችሁ።» ይህች አንዲት ንግግር ብዙ ታድናለች። የምትጀምሩትም የሥራ ጫና በበዛበት ወይም እንግዳ በሚመጣበት ሳምንት አይሁን።

አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ልጅቷ ታያችኋለች፣ እናንተም የምትሄዱበት የለም። መጋረጃ ካለ ጋርዱ። ከሌለ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ አንዳችሁ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ተቀመጡ። መገኘታችሁ ችግር የለውም፤ ችግሩ ወሬና ዓይን ለዓይን መተያየት ነው።

ሁለቱ ወላጆችና አያት አንድ መልስ መስጠት አለባቸው። ሦስት ቀን ደህና ሄዶ በአራተኛው ከተበላሸ ልጅቷን ከመውቀሳችሁ በፊት «ማን መለሰላት?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አያት ናት፤ አንጀቷ አይችልም። አያትን ከትኬቷ ጋር አታጋጩ። ጠዋት ትኬት ተቀባይዋ፣ ቁርሱን የምታቀርበው እሷ ትሁን።

የ2 ዓመት ልጅ ከሆነ

የ2 ዓመት ልጅ «አንድ ብቻ» የሚለውን ውል ገና አይዝም። ትኬቱን ተዉት። ከ1 እስከ 4 ያለውን ሁሉ ሥሩ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ደግሞ ሳይጠራችሁ እናንተው ተመልከቱት። «ሁለት ደቂቃ ቆይቼ እመጣለሁ» በሉና በእውነት ኑ፤ ጀርባውን መታ መታ አድርጋችሁ ውጡ። ከዚያ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት። ልጁ ዝም ባለበት ሰዓት ስለምትመጡ ለመጥራት ምክንያት ያጣል። ውኃና አሻንጉሊት ደግሞ ሁለት ምርጫ ሆነው ይቅረቡለት፦ «ቀዩ ኩባያ ወይስ ሰማያዊው?» በዚህ ዕድሜ ትግሉ ብዙ ጊዜ ስለ ውኃው ሳይሆን «ማን ይወስናል» በሚለው ላይ ነው።

ትኬት የማይጠየቅባቸው ነገሮች

ትኩሳት፣ ትውከት፣ የጆሮ ሕመም፣ የራሰ አልጋ፣ ከቅዠት መባነን፤ እነዚህ ሁልጊዜ ነፃ ናቸው። አብዛኛውን ሌሊት አፏን ከፍታ የምታንኮራፋ ወይም ትንፋሿ ቆም ቆም የሚል ልጅ ሐኪም ይያት፤ የቶንሲል ወይም የአፍንጫ ጀርባ እብጠት ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ መቀመጫዋን እያከከች የምትነቃም ትላትል ሊኖርባት ስለሚችል ትመርመር። እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ የጉንፋን ሽሮፕ መስጠት አደገኛ ነው፤ ማንም ቢመክራችሁ አታድርጉት።

ልጅቷ ታማ ከዳነች ወይም ክፍለ ሀገር ቆይታችሁ ከተመለሳችሁ ነገሩ ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም። ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። የመኝታ ሰዓቱን ለሁለት ሌሊት 30 ደቂቃ አዘግዩ፣ በእነዚያ ሌሊቶች ሁለት ትኬት ስጡ፣ በሦስተኛው ወደ አንድ ተመለሱ። ትኬቷ ጠፍታ ከሆነ ደግሞ አዲስ ካርቶን ቆርጣችሁ ልጅቷ እንደገና ታስጊጣት።